ገንዘቡ በመጣበት መንገድ ይመለሳል፦ ቪፒኤን ስንገዛና ስንሰርዝ



እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 18 ቀን 2023 ቢያንስ ስድስት የስዊድን ፖሊሶች የብርበራ ትእዛዝ ይዘው ጎተንበርግ ከተማ ወደሚገኘው የሙልቫድ ቢሮ ገቡ። ሙልቫድ ቪፒኤን ከሚሸጡ ኩባንያዎች አንዱ ነው። ፖሊሶቹ የመጡት የደንበኞች መረጃ ያለባቸውን ኮምፒውተሮች ሊወስዱ ነበር። የኩባንያው ሰዎች አሠራራቸውን እያሳዩ የሚፈለገው መረጃ ከመጀመሪያውም እንደማይቀመጥ አስረዱ፤ ፖሊሶቹም ምንም ሳይወስዱ ወጡ። ወሬውን ያወጣው ራሱ ኩባንያው ነውና ማስታወቂያም ሆኖለታል፤ ቢሆንም ለዛሬው ርዕሳችን ጥሩ መግቢያ ነው።

ስለ ቪፒኤን ሲወራ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «የጎበኘሁትን ድረ ገጽ ይመዘግባሉ ወይ?» ይላል። እኔ ግን ዛሬ የማወራው ስለ ሌላው መዝገብ ነው፤ ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ካርድ፣ ስንት ከፈለ ስለሚለው። ሙልቫድ ከብርበራው አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በጁን 2022፣ በየወሩ በራሱ የሚታደሰውን ሰብስክሪፕሽን ለአዲስ ገዢ መሸጥ አቁሞ ነበር። የሰጠውም ምክንያት ቀላል ነው። ክፍያው በየወሩ በራሱ እንዲቆረጥ ከተፈለገ፣ የትኛው ካርድ የየትኛው ደንበኛ እንደሆነ ያለማቋረጥ መዝግቦ መያዝ ግድ ይላል። አንድ ጊዜ ብቻ ከፍሎ ለሚሄድ ሰው ግን ይህን ግንኙነት ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ማጥፋት ይቻላል።

የሰፈር ባለሱቅን አስቡት። በጥሬ ገንዘብ ስኳር ገዝቶ የሚሄደውን መንገደኛ ስሙን አይጠይቀውም። በዱቤ የሚወስደውን ግን ከነስሙ፣ ከነቀኑ በደብተር ይጽፈዋል፤ ካልጻፈው በወር መጨረሻ ማንን ይጠይቃል? በራሱ የሚታደስ ሰብስክሪፕሽንም ያለ ደብተር አይሠራም። ስለዚህ «ካርዴን እንዴት ልደብቅ» የሚለውና «ሰብስክሪፕሽኑን እንዴት ልሰርዝ» የሚለው ጥያቄ ሁለት ይመስላሉ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው። ሁለቱም ኩባንያው እኛን ምን ያህል ያስታውሰናል ወደሚለው ይመጣሉ። ችግሩ ደግሞ ገንዘብ መመለስም ማስታወስን ይጠይቃል። ማንነታችን ባልታወቀ መጠን ገንዘባችንን የማስመለስ አቅማችንም ያንሳል። የሁለቱን ሚዛን መምረጥ ያለብን ከመክፈላችን በፊት ነው፤ ከከፈልን በኋላ ምርጫው ያልፋል።

መጀመሪያ በተራ ካርድ ስንከፍል ምን እንደሚሆን እንይ። ብዙ ሰው ኩባንያው አሥራ ስድስቱን የካርድ ቁጥር በሙሉ የሚያይ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ አያይም። ቁጥሩ የሚገባው በመካከል ወዳለው የክፍያ አቀናባሪ ድርጅት ነው፤ ስትራይፕ አንዱ ነው። ኩባንያው የሚቀበለው በካርዱ ፋንታ የሚቆም ምትክ ኮድ፣ የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች፣ ካርዱ የሚያበቃበትን ወርና ዓመት፣ የካርዱን ዓይነትና የወጣበትን አገር ነው። ከዚያ ላይ እኛ ራሳችን የጻፍነው ስም፣ አድራሻና ኢሜይል፣ እንዲሁም ስንከፍል የነበርንበት የአይፒ አድራሻ ይጨመራል። ይህ ሁሉ ተደምሮ አንድን ሰው ለማወቅ ከበቂ በላይ ነው።

«ብሰርዝ ይጠፋልኛል» የሚል ካለ ሕጉ አይፈቅድለትም። ለምሳሌ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ላሉ ደንበኞች ዲጂታል አገልግሎት የሚሸጥና የተጨማሪ እሴት ታክሱን በአንድ መስኮት አሠራር የሚከፍል ድርጅት የሽያጩን መዝገብ ለ10 ዓመት ማቆየት አለበት። አገልግሎቱን ለሦስት ቀን ተጠቅመን ብንተወውም የሽያጩ መዝገብ ይቆያል።

በባንክ በኩል ያለው ደግሞ አጭር ነው። በየወሩ የሚመጣው የሂሳብ መግለጫ ላይ የኩባንያው ስም፣ ቀኑና የገንዘቡ መጠን ይታያል። ባልና ሚስት በጋራ ሂሳብ የሚጠቀሙ ከሆነ ሁለቱም ያዩታል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ይህን መስመር ቀለል አድርገው ማየት የለባቸውም። በተባበሩት የዓረብ ኤሚሬቶች በ2021 የወጣው ሕግ፣ ወንጀል ለመፈጸም ወይም ለመሸሸግ ሲባል የአይፒ አድራሻን መቀየር እስራት ወይም ከ500,000 እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ቅጣት ወይም ሁለቱንም እንዲያስከትል ያደርጋል። ቪፒኤን መግዛት በራሱ ወንጀል ነው ማለቴ አይደለም። የት አገር ሆነን በየትኛው አገር ባንክ እንደምንከፍል ግን አስቀድመን እናስብበት።

እንግዲህ «መደበቅ» ስንል ከማን እንደሆነ እንለይ። ከሻጩ ኩባንያ ነው? የኩባንያው የመረጃ ቋት ቢሰረቅ ከሚያገኘው ሌባ ነው? ወይስ ከባንካችን? መልሱ የመክፈያውን ዘዴ ይወስናል፤ ሦስቱን በአንድ ጊዜ የሚሸፍን ዘዴ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በምሳሌ ልሂድበት።

ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት ነርስ እንውሰድ፤ ምሳሌውም ዋጋውም የኔ ግምት ነው። ከትልቅ ኩባንያ ማስታወቂያ ላይ «በወር 3.50 ዶላር፣ የሁለት ዓመት ጥቅል፣ ሦስት ወር ጭማሪ» የሚል አየች። በወር የሚለው ዋጋ የማስታወቂያ ቋንቋ ነው። የሚቆረጠው ግን የ27ቱ ወር ሂሳብ በአንድ ጊዜ፣ ማለትም 94.50 ዶላር ነው። ከታች በደቃቅ ጽሑፍ ደግሞ ጥቅሉ ሲያልቅ በራሱ እንደሚታደስ፣ የእድሳቱም ዋጋ በዓመት 140 ዶላር እንደሆነ ተጽፏል። ይህ የንግዱ ዋና ስልት ነው፤ የመጀመሪያው ዋጋ ማጥመጃ ሲሆን ትርፉ ከሚረሱት ሰዎች እድሳት ይመጣል።

ነርሷ ከሻጩና ሻጩን ሊሰርቅ ከሚችል ሰው መጠንቀቅ ትፈልጋለች፤ ባንኳ ቢያውቅ ግድ የላትም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ቨርቹዋል ካርድ ይበቃዋል። አሜሪካ ውስጥ Privacy.com የሚባለው አገልግሎት ከባንክ ሂሳብ ጋር ተያይዞ አዲስ የካርድ ቁጥር ይሰጣል፤ አውሮፓ ውስጥ ሬቮሉት ከአንድ ክፍያ በኋላ ቁጥሩ የሚቀየር ካርድ አለው። እሷ አንድ ቁጥር አወጣችና የሚቆረጠውን ጣሪያ 100 ዶላር አደረገችው። በPrivacy.com ካርድ ላይ የሚጻፈው የደንበኛ ስምና አድራሻ የግድ የእሷ መሆን የለበትም፤ ስለዚህ ኩባንያው እውነተኛ ስሟንም እውነተኛ የካርድ ቁጥሯንም አያገኝም። ከ27 ወር በኋላ 140 ዶላር ሊቆርጥ ቢሞክር ጣሪያው ያግደዋል። ካርዱን የሰጣት ድርጅት ግን ማንነቷን በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሯ ጭምር አረጋግጦ ነው የመዘገባት፤ ሕጋዊ ትእዛዝ ከመጣ መልስ መስጠቱ አይቀርም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናቀፍበትን ነገር ልንገራችሁ። ሌላ ቪፒኤን ከፍቶ፣ ከጀርመን የመጣ መስሎ፣ በአሜሪካ ካርድ ለመክፈል የሚሞክር ሰው ካርዱ ውድቅ ሊሆንበት ይችላል። የማጭበርበር መከላከያው የካርዱን አገርና የአይፒውን አገር ያስተያያል፤ ካልገጠሙ ይጠረጥራል። ከየሱፐርማርኬቱ የሚገዛው ባለ ቪዛ የስጦታ ካርድም ብዙ ጊዜ እዚሁ ላይ ይወድቃል። ብዙዎቹ ቪፒኤን ሻጮች የተመዘገቡት በውጭ አገር ስለሆነ ከአገር ውጪ የማይሠራ ካርድ አይሆንላቸውም። የሠራለት ሰው ደግሞ ካርዱ ባዶ ሆነ ብሎ መጣል የለበትም፤ ገንዘቡ ቢመለስ የሚመለሰው ወደዚያው ፕላስቲክ ነው።

ኢሜይልም የክፍያው አካል ነው። ለዚህ ጉዳይ ብቻ የተከፈተ አድራሻ መጠቀም ጥሩ ነው፤ ግን የማይከፈት ወይም ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሚጠፋ አድራሻ አይሁን። ደረሰኙ የሚመጣው፣ ተመላሽ ሲጠየቅም ኩባንያው የሚያረጋግጠው በዚያው ኢሜይል ነው።

ከባንክም መራቅ ለሚፈልግ ሰው ወደ ሙልቫድ ልመለስ። ድረ ገጹ ላይ ስትገቡ ስምም ኢሜይልም ሳይጠይቅ ባለ 16 አሃዝ የሂሳብ ቁጥር ይሰጣችኋል። ዋጋው ከ2009 ጀምሮ በወር 5 ዩሮ ነው፤ የሁለት ዓመት ቅናሽ የሚባል የለም። በጥሬ ገንዘብ መክፈል ከፈለጋችሁ ገጹ አንድ የክፍያ መለያ ኮድ ያወጣላችኋል። ኮዱን በቁራጭ ወረቀት ትጽፉና ከብሩ ጋር በፖስታ ኤንቨሎፕ ከታችሁ ወደ ስዊድን ትልካላችሁ። ሠራተኞቹ ፖስታውን ሲከፍቱ ኮዱን አይተው ቀኑን ወደ ሂሳቡ ይጨምራሉ። የላኪ አድራሻ አይጻፍበትም። በዚህ ዘመን በመስመር ላይ ለሚሰጥ አገልግሎት በኤንቨሎፕ ብር መላክ አስቂኝ ይመስላል፤ እኔ ግን ከሁሉም የበለጠ የምወደው ዘዴ ነው፤ ስለ ከፋዩ የሚናገረው ነገር ስለሌለ።

የሚያስከፍለው ዋጋ ግን አለ። በጥሬ ገንዘብ የተከፈለ አይመለስም፤ በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን የሚከለክለው ሕግ ስላለ፣ ከማይታወቅ ሰው የመጣን ብር ለማይታወቅ ሰው መልሶ መላክ ኩባንያውን ችግር ላይ ይጥለዋል። ፖስታው መንገድ ላይ ቢጠፋም ጉዳቱ የላኪው ነው። ቁጥሩን የጣለ ሰውም «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» የሚለውን መስኮት አያገኝም፤ የሚላክለት ኢሜይል የለማ። ስለዚህ በአንድ ጊዜ የዓመት ሂሳብ ከመላክ የአንድ ወይም የሁለት ወር መላክ ይሻላል።

ቢትኮይን የሚሉ አሉ። የቢትኮይን መዝገብ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው፤ ሳንቲሙን መታወቂያ ከሚጠይቅ መሸጫ ከገዛችሁት ያ መሸጫ ወዴት እንደላካችሁት መከተል ይችላል። ሞኔሮ ከዚህ የተሻለ ይሸፍናል። በሁለቱም ግን ተመላሽ የሚከለክሉ ሻጮች ብዙ ናቸው፤ ከመክፈላችሁ በፊት የተመላሽ ደንባቸውን አንብቡ።

አንድ ወሰን ግን ግልጽ ይሁን። በኤንቨሎፕ ከፍላችሁ ማታ ከቤታችሁ ዋይፋይ ስትገናኙ፣ የቪፒኤኑ ሰርቨር የቤታችሁን አይፒ ያያል፤ ማየት አለበት፣ አለዚያ መልሱን ለማን ይልካል? ክፍያን መደበቅ ስማችሁን ከሽያጭ መዝገብ ያወጣል እንጂ ከኩባንያው ዓይን አያወጣችሁም። አይፒውን አልመዘግብም የሚለውን ቃሉን ማመን አሁንም ያስፈልጋል።

አሁን ወደ መሰረዙ። ነርሳችን በሃያኛው ቀን አገልግሎቱ አልተመቻትም። ስልኳ ላይ አፑን አጥፍታ «ተገላገልኩ» ብትል ተሳስታለች፤ አፑን ማጥፋት ውሉን አይነካውም። ገጹ ላይ ገብታ በራሱ መታደሱን ብታጠፋ ደግሞ ግማሹን ብቻ ነው የሠራችው። እድሳቱን ማጥፋት ማለት «ሲያልቅ አትቁረጥ» ማለት ነው፤ የተከፈለው 94.50 ዶላር እዚያው ይቀራል፣ አገልግሎቱም እስከ 27ኛው ወር ይቀጥላል። ገንዘቡን የምትፈልግ ከሆነ ተመላሽ ብላ ለብቻው መጠየቅ አለባት፤ ብዙ ጊዜ በቻት ወይም በኢሜይል። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያይ ሰው «ሰርዣለሁ እኮ!» እያለ የሠላሳ ቀኑ ገደብ ያልፍበታል።

ሠላሳ ቀን ያልኩት ትልልቆቹ ሻጮች በብዛት የሚሰጡት የተመላሽ ጊዜ ስለሆነ ነው። አቆጣጠሩ ከተከፈለበት ቀን ይጀምራል እንጂ አፑ ከተከፈተበት ቀን አይደለም። ቻቱን ስትከፍት የሚመልስላት ሠራተኛ ወዲያው እሺ አይላትም። መጀመሪያ «ችግሩን እናስተካክልልሽ» ይላል፣ ቀጥሎ «ሦስት ወር በነፃ እንጨምርልሽ» ይላል። ሁለቱም በክፋት ላይሆን ይችላል፤ ግን አራት ቀን ሙከራ፣ አምስት ቀን ምላሽ ጥበቃ እያለ ሠላሳው ያልቃል። ስለዚህ በመጀመሪያው መልእክት ላይ የትእዛዝ ቁጥሩን፣ የከፈለችበትን ቀንና «በተመላሽ ዋስትናው መሠረት ሙሉ ገንዘቤን እፈልጋለሁ፣ ሌላ አማራጭ አልፈልግም» የሚለውን ትጻፍ፤ ንግግሩንም ፎቶ አንስታ ታስቀምጥ።

አንዳንዱ ሻጭ ሙሉውን አይመልስም። የስዊሱ ፕሮቶን ለምሳሌ ያልተጠቀማችሁበትን ጊዜ ሂሳብ አስልቶ ነው የሚመልሰው። ይህም ማጭበርበር አይደለም፤ ውሉ ላይ ተጽፏል።

ሌላው የሚያደናግረው የገዛችሁበት በር ነው። በአይፎን አፕ ስቶር ከከፈላችሁ ቪፒኤን ሻጩ ካርዳችሁን ጨርሶ አያየውም፤ ከሻጩ ለመሰወር መጥፎ መንገድ አይደለም፤ የሚያውቃችሁ አፕል ነው። ግን ገንዘቡን የያዘውም አፕል ስለሆነ የሻጩ የሠላሳ ቀን ዋስትና እዚያ ላይሠራ ይችላል። የሚጠየቀው በ reportaproblem.apple.com ነው፤ ውሳኔውም የአፕል ነው። ለመሰረዝም Settings ውስጥ ስማችሁን ነክታችሁ Subscriptions የሚለው ውስጥ ነው የሚገባው፤ እድሳቱ ሊደርስ 24 ሰዓት ከመቅረቱ በፊት። በጉግል ፕሌይ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ጉግልን መጠየቅ ይቻላል፤ ካለፈ ብዙውን ጊዜ ወደ ሻጩ ይመሩአችኋል።

የሕጉ ነገር እንደ አገሩ ይለያያል። በአውሮፓ ኅብረት በመስመር ላይ ለተገባ ውል 14 ቀን የመውጫ መብት አለ፤ አገልግሎቱ ወዲያው እንዲጀምር ከተስማማችሁ ግን ሻጩ የተጠቀማችሁበትን ድርሻ ሊቀንስ ይችላል። ጀርመን ከጁላይ 2022 ጀምሮ ድረ ገጹ ላይ ግልጽ የመሰረዣ ቁልፍ እንዲኖር ታስገድዳለች። አሜሪካ ውስጥ ለመላው አገር ሊወጣ የነበረው በአንድ ጠቅታ የመሰረዝ ደንብ በጁላይ 2025 በይግባኝ ፍርድ ቤት ተሽሯል፤ እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ክፍላተ አገራት ግን የራሳቸው ሕግ አላቸው።

ኩባንያው «መልሰናል» ካለ በኋላም ገንዘቡ እስኪታይ ከአምስት እስከ አሥር የሥራ ቀን ሊወስድ ይችላል። ተመላሹ በፍጥነት ከተሰጠ ደግሞ አዲስ ገቢ አትጠብቁ፤ የመጀመሪያው ወጪ ራሱ ከመግለጫው ላይ ይጠፋል፤ ብዙ ሰው አልተመለሰልኝም ብሎ የሚጮኸው እዚህ ላይ ነው። አሥሩ ቀን ካለፈና ምንም ከሌለ ኩባንያውን ኤአርኤን የሚባለውን ቁጥር ጠይቁት። ባለ 23 አሃዝ ሲሆን እያንዳንዱ የካርድ ተመላሽ ከባንክ ወደ ባንክ ሲሄድ የሚከተለው መለያ ነው። ቁጥሩን ለባንካችሁ ብትሰጡት ገንዘቡ የት እንደቆመ ይፈልጉታል። ኩባንያው ቁጥሩን መስጠት ካልቻለ ምናልባት ገንዘቡን ገና አልላከውም።

ያ ሁሉ ካልሆነ በባንክ በኩል ክርክር መክፈት ይቻላል። በአሜሪካ ክሬዲት ካርድ ላይ ስህተት የታየበት መግለጫ ከተላከ ጀምሮ 60 ቀን አለ። ክርክሩን ስትከፍቱ ግን ባንኩ የውሉን ዝርዝር፣ የቻቱን ፎቶ፣ አንዳንዴም አገልግሎቱ ምን እንደሆነ ይጠይቃል፤ ማለትም ከሻጩ የሸሸጋችሁት ስም ከግዢው ጋር በአንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ኩባንያውም ሂሳባችሁን ሊዘጋ፣ ያንን ካርድም ዳግም ላይቀበል ይችላል።

ነርሳችን ቨርቹዋል ካርዷን ገንዘቡ እስኪገባ ድረስ ክፍት ትተው። የተዘጋ ካርድ ላይ የሚመጣ ተመላሽ አብዛኛውን ጊዜ መንገዱን አግኝቶ ወደ ባንክ ሂሳቧ ይገባል፤ ግን የሚዘገይበትና በስልክ የሚፈለግበት ጊዜ አለ። ገንዘቡ ሲገባ ካርዱን ትዝጋው፤ ከዚያ በኋላ በእጇ የሚቀረው ማስታወሻ ደረሰኙ ብቻ ነው፤ እሱንም የክርክሩ ጊዜ ካለፈ በኋላ ማጥፋት ትችላለች።